ደንበኛ «ድምሩ አይገጥምም» ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው የደንበኛው ቁጥር ነው። «በዝቷል» ብቻ ከተባለ «በእናንተ ስሌት ስንት መጣ?» ብለው በትህትና ይጠይቁ። ሁለቱ ድምሮች እጅዎ ከገቡ ልዩነቱ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል።

የእኛ ድምር ለደንበኛው ሲካፈል 1.15 ከመጣ፦ ደንበኛው ቫቱን አልቆጠረም። ፕሮፎርማው ላይ «ዋጋው ከቫት በፊት ነው» የሚል ካለ ያንን መስመር አስምረው ቅጂውን ይላኩ። ከሌለ ጥፋቱ የሻጩ ነው። ይህን አንድ መስመር ሳይጽፉ ፕሮፎርማ ማውጣት ይቅርታ የማይገባው ግድየለሽነት ነው።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፦ ምናልባት 4,250 የነበረው 4,520 ተብሎ ተገልብጦ ተጽፏል። በመጀመሪያ ይህንን ይመልከቱ።

ልዩነቱ ከሁሉም አንፃር እንግዳ ቁጥር ከሆነ፦ ሁለት ሦስት ምክንያቶች ተደራርበዋል፤ ከመካከላቸውም አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ግብር፣ ማለትም ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገባው ዊዝሆልዲንግ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ስለሆነ በምሳሌ እንየው።

ለአንድ የግል ኮሌጅ የጽሕፈት መሣሪያ ቀረበ እንበል፦

- ወረቀት 40 ሪም በ650፦ 26,000
- እስክሪብቶ 20 ፓኬት በ450፦ 9,000
- የፕሪንተር ቶነር 5 በ4,200፦ 21,000
- ማጓጓዣ፦ 1,000

ከቫት በፊት 57,000፣ ቫት 8,550፣ ጠቅላላ 65,550 ብር። ኮሌጁ ግን «የምንከፍለው 61,264 ነው» አለ። ልዩነቱ 4,286 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሂሳብ ሠራተኛ ጠቅላላ ድምሩን ደግሞ ደምሮ «የእኛ ትክክል ነው» ብሎ ይመልሳል። ድምሩ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን የመደመር አይደለም። ደረሰኙን፣ ፕሮፎርማውን እና የተፈረመበትን የዕቃ ማስረከቢያ ጎን ለጎን ዘርግተው መስመር በመስመር ያመሳክሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ንም ይጠይቁ።

ማስረከቢያው ላይ ኮሌጁ የፈረመው ለ38 ሪም ወረቀት ነው። የጎደሉት ሁለቱ 1,300፣ ከነቫቱ 1,495 ብር ይሆናሉ። ይህ የእኛ ስህተት ነው። ማጓጓዣውን ኮሌጁ ከነቫቱ 1,150 ብር ቀንሶታል፤ ፕሮፎርማው ግን «ማጓጓዣ በገዢው» ይላል። የቀረው 1,641 ብር ቅድመ ግብር ነው። ኮሌጁ አከራካሪዎቹን መስመሮች ካወጣ በኋላ የቀረውን 54,700 ብር ወስዶ 3 በመቶ ቀንሷል። 1,495፣ 1,150 እና 1,641 ሲደመሩ 4,286 ይመጣል። ልዩነቱ እስከ ሳንቲሙ ካልተዘጋ መልስ አይላክ!

ተቀናሹ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ላይ ነው። ገዢው ጠቅላላውን 65,550 ወስዶ ቢቀንስ 1,966.50 ይሆናል፤ በትክክለኛው መንገድ ግን የዚሁ ደረሰኝ ተቀናሽ 1,710 ነው። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ 2 በመቶው 3 በመቶ ስለሆነ በአሮጌው መጣኔ የሚያሰሉም ያጋጥማሉ። ከሁሉም በላይ፣ ቅድመ ግብር ቅናሽ አይደለም፤ የደረሰኙ ድምር አይነካም፣ የሚቀንሰው በእጅ የሚከፈለው ነው።

የተስተካከለው ስሌት እንዲህ ነው፦ ከቫት በፊት 55,700፣ ቫት 8,355፣ ጠቅላላ 64,055፣ ቅድመ ግብር 1,671፣ የሚከፈል 62,384። ኮሌጁ ካለው በላይ የሚጨምረው 1,120 ብር ብቻ ነው።

ደብዳቤው ከራስ ስህተት ይጀምር፦

«የላካችሁልንን ማስታወሻ ተመልክተናል፤ ስለ ጥንቃቄያችሁ እናመሰግናለን። ወረቀትን በተመለከተ እናንተ ትክክል ናችሁ፤ የተረከባችሁት 38 ሪም ስለሆነ ለ1,495 ብር ክሬዲት ኖት አያይዘናል። ማጓጓዣን በተመለከተ የፕሮፎርማውን ቅጂ አያይዘናል፤ እባካችሁ ተመልክታችሁ አስተያየታችሁን ላኩልን። ቅድመ ግብሩን በመቀነሳችሁ ቅር አንሰኝም፤ በተስተካከለው 55,700 ብር ላይ 1,671 ብር ይሆናል። በዚሁ መሠረት የሚከፈለው 62,384 ብር ነው።»

«ተሳስታችኋል» የሚል ቃል አይግባበት፤ ሰነዱ ይናገር። ደንበኛው ያላነሳቸውን መስመሮችም «ልዩነት የለም» ብለው ይዘርዝሩ፣ የእስክሪብቶውና የቶነሩ ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት እንዳይነሣ።

የወጣውን ደረሰኝ በእስክሪብቶ ማረም፣ ቀድዶ ሌላ መቁረጥ ፈጽሞ አይሞከርም። ቫቱ ተመዝግቧል፤ የሚስተካከለው በክሬዲት ኖት ነው። ክሬዲት ኖቱ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ቁጥርና ቀን፣ 1,300 እና 195 ብርን ለየብቻ ያሳይ። «ልዩ ልዩ ማስተካከያ» ብሎ መጻፍ ሌላ ክርክር መጥራት ነው።

ገንዘቡ ሲገባም ተሰብሳቢ ሂሳቡን ወዲያው አይዝጉ። የ1,671 ብር የቅድመ ግብር ደረሰኝ ከኮሌጁ እስኪደርስ ክፍት ይቆይ፤ ዓመታዊ ግብር ሲሰላ ያ ገንዘብ የሚያዝልን በዚያ ወረቀት ነው።