ከረንት ሚረር ሲዛባ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ

በሁለት 2N3904 የሰራችሁት ከረንት ሚረር 1 ሚሊአምፔር አስገብታችሁለት 1.1 ካወጣ ትራንዚስተር ለመቀየር አትቸኩሉ። የመውጫውን ኮሌክተር መጀመሪያ 0.65 ቮልት አካባቢ አድርጉና ከረንቱን ለኩ፣ ከዚያ ወደ 10 ቮልት ከፍ አድርጉት። በዝቅተኛው ቮልቴጅ ልክ ሆኖ ወደ ላይ ስትሄዱ የሚጨምር ከሆነ ችግሩ የመውጫው ሬዚስታንስ ነው፤ ኧርሊ ቮልቴጁ 100 ቮልት የሆነ ትራንዚስተር በ1 ሚሊአምፔር 100 ኪሎ ኦም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ከመጀመሪያውም ከተዛባ ግን ዋናው ተጠርጣሪ የትራንዚስተሮቹ አለመመሳሰል ነው። የቤዝ ኤሚተር ቮልቴጃቸው በ1 ሚሊቮልት ብቻ ቢለያይ 4 በመቶ ይስታል።

ለሁለቱም መላው አንድ ነው፦ በሁለቱም ኤሚተር ላይ 100 ኦም ጨምሩ። 4 በመቶው ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ሬዚስታንሱም አምስት እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ የምትከፍሉት 0.1 ቮልት ብቻ ነው። እንደ አክቲቭ ሎድ ስትጠቀሙበት ግን ቀጣዩ ስቴጅ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ጌይኑን የሚወስነው እሱ ስለሆነ መሃል ላይ ኤሚተር ፎሎወር አስገቡ።