በሰዓት ስንት ጥሪ ይመጣል? የአምቡላንስ ስልክ ጥሪን በፖይሰን እንዴት እንደሚሰላ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን የሚውጥበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገለበጠ እንበል። አምቡላንስ ለመጥራት የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ረዳቱ ይደውላል፣ ከኋላ የደረሰው ሹፌር ይደውላል፣ የመንገዱ ዳር ነዋሪም ይደውላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ስሌታችንን የሚያበላሸው እሱ ነው።

ስራችን ይህ ነው። በአንድ የአምቡላንስ ስልክ ላይ በሰዓት የሚመጣውን ጥሪ ቆጥረን፣ ቁጥሩ የፖይሰን ስርጭትን ይከተል እንደሆነ እናያለን። ይህ ስርጭት ብርቅ የሆነ ነገር በአንድ የጊዜ ርዝመት ውስጥ ስንቴ የመምጣት ዕድል እንዳለው የሚያሰላ ነው፤ መለያው አማካዩና ቫሪያንሱ እኩል መሆናቸው ነው። ከተከተለ አማካዩን ብቻ አውቀን ስለሚመጣው ሰዓት ብዙ መናገር እንችላለን። የምጠቀምባቸውን ቁጥሮች ለማሳያ ብዬ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። እናንተ በራሳችሁ መዝገብ ተኳቸው።

አማካይና ቫሪያንስ ለምን እኩል ይሆናሉ?

100,000 ሰው ስልክ ይዟል እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አምቡላንስ የመጥራት ዕድሉ 0.00002 ነው። ለአንዱ ሰው በጣም ብርቅ ነገር ነው። ሁለቱን ብናባዛ በሰዓት በአማካይ 2 ጥሪ ይመጣል።

ቫሪያንስ ማለት ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ የሚደውሉ ከሆነ ቫሪያንሱ 2 × (1 − 0.00002) ይሆናል፤ ማለትም 1.99996። 2 ነው ማለት ይቻላል። የእኩልነቱ ምስጢር ይኸው ነው። ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር 1 ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዴንማርካዊው ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. የስልክ ጥሪን በዚህ ስርጭት ያሰላው በዚሁ መነሻ ነው።

ግን ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የጥሪው ፍጥነት በምንቆጥርበት ሰዓት ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ጥሪ ደግሞ ሌላውን መጎተት የለበትም።

1ኛ፦ የሚመሳሰሉ ሰዓቶችን ምረጡ

ሌሊቱንና ቀኑን አትደባልቁ። ቀን በሰዓት በአማካይ 3፣ ሌሊት 1 ጥሪ ይመጣል እንበል። ሁለቱም ለየብቻቸው ንጹህ ፖይሰን ቢሆኑ እንኳ፣ እኩል እኩል ቀላቅላችሁ ስትቆጥሩ አማካዩ 2፣ ቫሪያንሱ ግን 3 ይሆናል። ያ ትርፍ 1 የመጣው ከመደባለቁ ብቻ ነው። የገበያ ቀንንና በዓልንም ለብቻ ያዙ።

ለምሳሌያችን ተራ የስራ ቀኖችን እንውሰድ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት። በቀን 4 ሰዓት ነው፣ በ10 ቀን 40 ሰዓት ይሆናል።

2ኛ፦ በየሰዓቱ ቁጠሩ

ደብተር ላይ በየሰዓቱ ጭረት ማድረግ ይበቃል። ከጭረቱ ጎን ጥሪው ከየት እንደመጣና ስለምን እንደሆነ በሁለት ቃል ጻፉ። ይህችን አትዝለሏት። ምንም ያልተደወለበትን ሰዓትም 0 ብላችሁ መዝግቡ። ባዶ ሰዓት ከተዘለለ አማካዩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል።

3ኛ፦ አማካዩንና ቫሪያንሱን አስሉ

40ዎቹን ቁጥሮች ኤክሴል ላይ ከ`B2` እስከ `B41` አስገቡና እነዚህን ጻፉ፦

```
=AVERAGE(B2:B41)
=VAR.S(B2:B41)
```

በምሳሌያችን 40ው ሰዓት 92 ጥሪ አስተናግዷል። አማካዩ 2.3 ነው። ቫሪያንሱ ግን 5.14 ሆኖ መጣ። ቫሪያንሱን ለአማካዩ ስናካፍለው 2.23 እናገኛለን።

ለፖይሰን ይህ ውጤት 1 አካባቢ መሆን ነበረበት። በአጋጣሚ ብቻ ምን ያህል ሊዋዥቅ ይችላል? ከሰዓቶቹ ብዛት 1 ቀንሱና 2ን በቀረው አካፍሉ፤ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ለ40 ሰዓት ወደ 0.23 ይመጣል። የዚህን እጥፍ ወደላይና ወደታች ብንፈቅድ ከ0.55 እስከ 1.45 ያለው ጤናማ ነው። 2.23 ከዚህ በጣም ወጥቷል።

4ኛ፦ ጥፋቱን ከደብተሩ ፈልጉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ፖይሰን አይሰራም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ትልልቆቹን ቁጥሮች ይሰርዛል። ሁለቱንም አታድርጉ። መጀመሪያ ደብተሩን ተመልከቱ።

ሁለት ሰዓቶች ጎልተው ይታያሉ፤ አንዱ 9፣ ሌላው 11 ጥሪ አላቸው። አማካዩ 2.3 በሆነ ፖይሰን 9 ወይም ከዚያ በላይ ጥሪ ያለበት ሰዓት የሚያጋጥመው ከ1,500 በላይ በሆኑ ሰዓቶች አንዴ ነው። እኛ በ40 ሰዓት ሁለቴ አገኘን። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ስናነብ፣ ከ9ኙ ጥሪዎች 6ቱ ጣርማ በር ስለተገለበጠው መኪና ናቸው። ከ11ዱ ደግሞ 8ቱ ስለ አንድ ሌላ አደጋ ናቸው። ጥሪዎቹ ተጎታትተው ነው የመጡት።

ስለዚህ የሚቆጠረውን እንለውጥ። ጥሪን ሳይሆን አደጋን እንቁጠር፤ ስለ አንድ አደጋ የመጡ ጥሪዎች ሁሉ እንደ 1 ይያዙ። ሁለቱም ሰዓቶች 4፣ 4 ይሆናሉ። ጠቅላላው 80፣ አማካዩ 2፣ ቫሪያንሱ 2.10 ይሆናል። ሲካፈል 1.05። አሁን ልክ መጣ።

5ኛ፦ ቅርጹንም አስተያዩ

የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ብቻውን አይበቃም። ፖይሰን የሚጠብቀውን ለማግኘት እንዲህ ጻፉ፤ በቅንፍ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ቁጥር ከ0 እስከ 4 ቀያይሩት፤ ለመጨረሻው ረድፍ ግን `=40*(1-POISSON.DIST(4,2,TRUE))` ብላችሁ ጻፉ፦

```
=40*POISSON.DIST(0,2,FALSE)
```

| በሰዓት የአደጋ ቁጥር | የተመዘገቡ ሰዓቶች | ፖይሰን የሚጠብቀው |
|---|---|---|
| 0 | 6 | 5.4 |
| 1 | 10 | 10.8 |
| 2 | 11 | 10.8 |
| 3 | 7 | 7.2 |
| 4 | 4 | 3.6 |
| 5 እና ከዚያ በላይ | 2 | 2.1 |

ለማስተማሪያ ስለተዘጋጀ ነው እንዲህ የገጠመው። በእውነተኛ መዝገብ ላይ አንዳንዱ ረድፍ በሁለትና በሦስት ሰዓት ቢለይ አትደንግጡ።

6ኛ፦ ለውሳኔ ተጠቀሙበት

አንድ ጣቢያ በሰዓት ቢበዛ 4 አደጋ ማስተናገድ ይችላል እንበል። ከአቅሙ በላይ የሚሆንበት ዕድል፦

```
=1-POISSON.DIST(4,2,TRUE)
```

መልሱ 0.053 ነው። ከ19 ሰዓት ገደማ አንዱ ከአቅም በላይ ይሆናል ማለት ነው። በቀን 4 ሰዓት ከቆጠርን፣ በየአምስት የስራ ቀኑ አንድ ጊዜ ገደማ ያጋጥማል።

ይህ መልስ ግን ለአምቡላንስ ብዛት እንጂ ለስልክ ተቀባይ አይሆንም። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ስለ አንድ አደጋ 8 ጊዜ ቢደወል 8 ጊዜ ማንሳት አለበት። ለእሱ የሚያስፈልገው የጥሪ ቁጥር ነው፤ የጥሪ ቁጥር ደግሞ እንዳየነው ፖይሰንን አልተከተለም። ለዚያ ቫሪያንሱ ከአማካዩ እንዲበልጥ የሚፈቅደው ኔጋቲቭ ባይኖሚያል የተባለው ስርጭት ይሻላል።

ቫሪያንሱ ከአማካዩ በጣም አንሶ ከመጣ ደግሞ መስመሩን ጠርጥሩ። አንድ ስልክ ብቻ ካለና ተይዞ የሚቆይ ከሆነ፣ በተጨናነቀው ሰዓት የሚደውሉ ሰዎች ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። ትልልቆቹ ቁጥሮች ይቆረጣሉ፤ መዝገቡም የተረጋጋ ይመስላል። ያኔ የቆጠራችሁት የተነሳውን ስልክ ነው እንጂ የተደወለውን አይደለም። ያመለጡ ጥሪዎችን ከስልኩ አውጥታችሁ ደምሩና እንደገና አስሉ፤ አንዱ ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ከሆነ እሱንም እንደ 1 ያዙት።