ሁለቱ ግራፎች አብረው ከወጡ ስሌቱን ድገሙት

የኢታኖልና የውሃ ድብልቅ ፓርሻል ሞላር ቮልዩም የምታሰሉ ልጆች፣ ሪፖርቱን ከማስረከባችሁ በፊት ይህችን የጊብስና ዱሄም እኩልታ ሞክሯት፦

```
x₁·dV₁ + x₂·dV₂ = 0
```

ሙቀትና ግፊት ካልተቀየሩ አንዱ ሲወጣ ሌላው የግድ ይወርዳል። መጠኑን የሚወስነው ሞል ፍራክሽኑ ነው። ለምሳሌ የኢታኖል ሞል ፍራክሽን 0.1 አካባቢ ሲሆን፣ የኢታኖሉ በ0.9 ሴ.ሜ³/ሞል ከወረደ የውሃው በ0.1 ብቻ ይወጣል። ስለዚህ የውሃው መስመር እዚያ ጋ ዝርግ ቢመስል አትደንግጡ፤ ትክክል ነው።

ሁለቱም አብረው ከወጡ ግን አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። እኔ መጀመሪያ የማየው የታንጀንቱን ስሎፕ ምልክት ነው። አቅጣጫው ልክ ሆኖ መጠኑ አልገጥም ካለ ደግሞ፣ በሞል ፍራክሽን ፋንታ የክብደት ድርሻ ገብቶ ይሆናል። 50 ግራም ኢታኖል ከ50 ግራም ውሃ ጋር ሲቀላቀል የኢታኖሉ x 0.5 አይደለም፣ 0.28 ነው።

ለኬሚካላዊ ፖቴንሻልም ያው ነው፤ በV ቦታ μ አስገቡ። የአንዱን μ በሁሉም ቅንብር ላይ ከለካችሁ የሌላውን ለውጥ ከዚሁ እኩልታ ታገኙታላችሁ።