ተኪላ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ጽሑፉን እዩ

ወርቃማ ተኪላ ሁሉ በርሜል ውስጥ የቆየ እንዳይመስላችሁ። «ኦሮ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ያልቆየ ተኪላ በካራሜል ቀለም ተሰጥቶት ነው። መጀመሪያ «100% አጋቬ» የሚለውን ፈልጉ፣ አልኮል የሆነው ስኳር በሙሉ ከሰማያዊ አጋቬ ተክል መጣ ማለት ነው። «ተኪላ» ብቻ ከተጻፈ ግን የሜክሲኮ ደንብ እስከ 49% የሚሆነው ስኳር ከሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ከሸንኮራ አገዳ፣ እንዲመጣ ይፈቅዳል። «100%» የሚለው ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም።

ዕድሜውን የሚነግራችሁ ስሙ ነው። ብላንኮ ያልቆየ ወይም 2 ወር ያልሞላው፣ ሬፖሳዶ ቢያንስ 2 ወር በኦክ በርሜል የቆየ፣ አኜሆ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ኤክስትራ አኜሆ ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት። በቆየ ቁጥር የእንጨቱ ጣዕም ይበረታና የአጋቬው ይደበዝዛል (ዋጋውም ይወጣል)፣ ስለዚህ በሎሚ ለምትቀላቅሉት ማርጋሪታ 100% ብላንኮ በቂ ነው፣ ኤክስትራ አኜሆ እዚያ ውስጥ መድፋት ብር ማባከን ነው።