የሳንቲሟ ወጪ ከየት መጣች?

የባንክ ሂሳብዎን ዝርዝር ሲመለከቱ በማያውቁት ድርጅት ስም የተቆረጠች ጥቂት ሳንቲም ካገኙ በትንሽነቷ አይናቋት። የካርድ ቁጥር የሰረቀ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ትልቅ ግዢ ከመሄዱ በፊት ካርዱ መሥራቱን በአነስተኛ ክፍያ ይፈትናል። ያቺ ካለፈች ትልቁ ግዢ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

በእርግጥ ጤናማ ምክንያትም አለ። ካርድዎን በአዲስ አገልግሎት ላይ ሲያስመዘግቡ ድርጅቱ ለማረጋገጫ ትንሽ ገንዘብ ይዞ መልሶ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ፤ በዚያ ቀን እርስዎ ወይም ካርዱን የሚጠቀም የቤተሰብ አባል የተመዘገበበት ነገር ነበር? የድርጅቱ ስም በዝርዝሩ ላይ ከሚታወቅበት ስም ተለይቶ ሊጻፍ እንደሚችልም ያስታውሱ። መልስ ካጡ ግን ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ አይዘናጉ፤ የፈተና ክፍያም ተመልሶ ሊሰረዝ ይችላል።

ሳይጠይቁ ጥቃቅን ገቢ ቢገባልዎትም አይደሰቱ። ሌላ ሰው ሂሳብዎን ከራሱ አገልግሎት ጋር ለማገናኘት እየሞከረ ሊሆን ይችላል፤ የገባው መጠን ለዚህ ማረጋገጫ ስለሚያገለግል ለማንም አይንገሩ።

ጥርጣሬው ካልጠፋ ካርዱን በባንኩ መተግበሪያ ለጊዜው ያግዱ፤ ከዚያ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ። ከክፍያው አጠገብ የተጻፈውን ስልክም ሆነ «ሂሳብዎ ተጠልፏል» በሚል አጭር መልእክት የመጣን ማስፈንጠሪያ አይጠቀሙ። ባንኩ ስርቆት መሆኑን ካረጋገጠ አዲስ ቁጥር ያለው ካርድ ይጠይቁ፤ ሳንቲሟን ማስመለስ ብቻውን አሮጌውን ቁጥር ከሌባው እጅ አያስወጣም።