ለቤተ መጻሕፍት መረጃ ዴስክ የጠዋት ሰላምታ እንዴት ይዘጋጃል?

መረጃ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ሰው በሙሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀውና ከልቡ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። «የታሪክ መጽሐፍ የት ነው?» የሚለው ተማሪ የሚፈልገው ለቤት ሥራው ስለ ዓድዋ አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል። ሰላምታችን ሰውየው ያንን አንድ ገጽ በራሱ አፍ እንዲናገር መንገድ መክፈት አለበት። አለበለዚያ ጣታችንን ወደ መደርደሪያ ቀስረን እንሸኘዋለን፣ እሱም ባዶ እጁን ይወጣል።

መጀመሪያ ጽሑፉን በአክብሮት አንቱታ ጻፉት። «እንደምን አደሩ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ በሩ ላይ ማን እንደሚመጣ ሳታውቁ ልትሉት ትችላላችሁ። ለልጆች ግን ለብቻው «እንደምን አደርክ» እና «እንደምን አደርሽ» አዘጋጁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንቱ ሲባል ያፍራል፣ ያፈረ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም።

ከሰላምታው በኋላ ዝም በሉ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?» ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ለእኛ ሰው አይሆንም፤ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መመለስ ይፈልጋል። መልሱን ስትሻሙት ጥያቄውም አብሮ ይጠፋበታል። የቤተሰቡን ደህንነት ሁሉ ጠይቁ ማለቴ አይደለም፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። አንድ ሰላምታ፣ አንድ መልስ ይበቃል።

ዋናው ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «ምን ፈለጉ?» የጥበቃ ጥያቄ ይመስላል፣ ሰውን ያስደነግጣል። «ምን ልታዘዝ?» የካፌ ነው። «መጽሐፍ ነው የፈለጉት?» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ «አዎ» ብቻ ይሆናል፤ የድሮ ጋዜጣ ፈልጎ የመጣው ሰው እንኳ ይሉኝታ ይዞት «አዎ» ብሎ ይገባል። «ምን ልርዳዎት?» መጥፎ አይደለም፣ ግን እርዳታ ፈላጊ መባል የማይወድ ሰው «አይ፣ ዝም ብዬ ላይ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፦

«እንደምን አደሩ?» (መልሱን ጠብቁ)
«ዛሬ ምን ልፈልግልዎ? የመጽሐፉን ስም ባያውቁትም ችግር የለም፣ እንደመጣልዎ ይንገሩኝ።»

«ልፈልግልዎ» ስትሉ የመፈለጉ ድካም የእናንተ ይሆናል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ርዕስና ደራሲ ካላወቅኩ ይንቁኛል ብሎ የሚሰጋውን ሰው ያሳርፈዋል። እባካችሁ አታውጡት።

አሁን አንድ አባት መጡ እንበል። «የሕግ መጽሐፍ ነበር» አሉ። በዲዊ አመዳደብ ሕግ 340 ላይ ነው፤ እዚያ ብትልኳቸው ከግብር እስከ ወንጀለኛ መቅጫ ሁሉም ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እሺ አባቴ፣ ስለ ሕግ በተለይ ምን ማወቅ ፈልገው ነው?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የውርስ ጉዳይ ነው» አሉ። እናንተም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ጉዳዩን ሰልፉ እንዲሰማ አትድገሙት። «ስለ ኑዛዜ ነው ወይስ ኑዛዜ ስለሌለበት ውርስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነገሩ ጠበበ ማለት ነው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 826 ጀምሮ ያለው የውርስ ክፍል። መጽሐፉን አውጥታችሁ ገጹን ከፍታችሁ ስጧቸው። «ለእኔ ስንት ይደርሰኛል?» ካሉ ግን አትተርጉሙላቸው፤ ያ የሕግ ባለሙያ ሥራ መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው።

«ለምን ፈለጉት?» የሚለውን ከጽሑፉ አስወጡ። ምርመራ ይመስላል፤ የታመመ ወይም የተካሰሰ ሰው ወዲያው ይዘጋል። «በተለይ ምን ማወቅ ፈልገው ነው?» ያንኑ መልስ ያመጣላችኋል፣ ሰውየው ግን የፈለገውን ያህል ብቻ ይናገራል።

ጥያቄው በትክክል እንደገባችሁ የምታውቁት የሰማችሁትን መልሳችሁ ስትሉት ነው። «አዎ፣ እሱን ነው» ካሉ ጨርሳችኋል። «እሱም ይሆናል» ካሉ አልገባችሁም፣ አንዴ ደግማችሁ ጠይቁ።

መሸኛዋ አጭር ትሁን፦ «አይተውት ካልሆነልዎ ተመልሰው ይምጡ፣ አብረን ሌላ እንፈልጋለን።» ብዙ ሰው ያልሆነውን መጽሐፍ ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ሁለተኛ መጠየቅ ማስቸገር ስለሚመስለው ነው።

ጽሑፉን ግማሽ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ከኮምፒዩተሩ ጎን ለጥፉት፣ ፊቱ ወደ እናንተ ይሁን። እያያችሁ አታንብቡት፤ ከስድስት ሰዓት በኋላም «እንደምን አደሩ»ን በ«እንደምን ዋሉ» ቀይሩት፣ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል።