የሎሚ ባትሪ ከረንቱ ለምን ያንሳል? ለሳይንስ ክበብ አጭር ገለጻ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ሎሚ ላይ ሚስማርና መዳብ ሲሰኩ ቴስተሩ ወደ 1 ቮልት ያነባል። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ የባትሪ መብራት አምፖል ያገናኙና ምንም የለም፣ ጭል እንኳን አይልም። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ "ሎሚው ደካማ ነው" ይባልና ይታለፋል፤ ለእኔ ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ገና እዚህ ላይ ነው። 15 ደቂቃ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ለክተው እንዲመልሱት ማድረግ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን ሰብስቡ። አምስት ስድስት ጭማቂ ያላቸው ሎሚዎች፣ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ከተላጠ የቤት ኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ ወፍራም መዳብ፣ መያዣ ክሊፕ ያላቸው ገመዶች፣ ቴስተር፣ የባትሪ መብራት አምፖል፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ እና ባለ 1000 ኦም ረዚስተር። ረዚስተሩን ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ታገኛላችሁ፤ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ናቸው። ሚስማሩ ዚንክ የተቀባ መሆኑን አረጋግጡ፤ ግራጫ መልክ አለው። ተራ የብረት ሚስማር ከሰካችሁ ቮልቴጁ ከመነሻው ዝቅ ይላል። መዳቡንም እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት።

ሚስማሩንና መዳቡን ጎን ለጎን፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ በጥልቀት ስኩ። ውስጥ ለውስጥ እንዳይነካኩ፤ ከተነካኩ ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

አሁን ገለጻውን ጀምሩ። ቮልቴጁን ለኩና ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ለምሳሌ 0.95 ቮልት አገኛችሁ እንበል። አጠገቡ አምፖሉን አገናኙና አለመብራቱን አሳዩ። ከዚያ ጠይቁ፦ የድንጋይ ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፣ ይሄ ደግሞ 0.95፤ ታዲያ በከፊል እንኳን ለምን አያበራም? ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መልሱን አትንገሯቸው።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ የገለጻው ልብ ነው። ቴስተሩ ቮልቴጅ ላይ እንዳለ፣ ረዚስተሩን ከመዳቡና ከሚስማሩ ጋር አገናኙ። ንባቡ እዚያው ዓይናቸው ፊት ይወርዳል፣ ለምሳሌ ወደ 0.35 ቮልት። ሎሚው አልተለወጠም፣ ሚስማሩም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ከረንት እየፈሰሰ ነው። ቴስተር ቮልቴጅ ሲለካ የራሱ ረዚስታንስ አንድ ሚሊዮን ኦምና ከዚያ በላይ ስለሆነ ከሎሚው ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሙሉውን 0.95 ያሳየን።

ስሌቱን ልጆቹ ይሥሩት። 0.35 ቮልትን ለ1000 ኦም ስናካፍል ከረንቱ 0.35 ሚሊአምፒር ይሆናል። ከ0.95 ቮልት 0.60 ቮልቱ ጠፍቷል። የጠፋው ሎሚው ውስጥ ነው፣ ያው 0.35 ሚሊአምፒር በሎሚው ውስጥም ስለሚያልፍ። 0.60ን ለ0.00035 ስናካፍል 1700 ኦም ገደማ ይመጣል። ይህ የሎሚው የውስጥ ረዚስታንስ ነው። የድንጋይ ባትሪ ውስጥ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው! ቤት ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከፍታው ያው ሆኖ መውረጃ ቱቦው እንደ መርፌ ቢቀጥን ከቧንቧው ጠብታ ብቻ እንደሚመጣ ማለት ነው።

ወደ አምፖሉ ተመለሱ። 2.5 ቮልትና 0.3 አምፒር የሚል አምፖል ሲበራ ረዚስታንሱ 8 ኦም ገደማ ነው። 1700ው ጋር ሲደመር አምፖሉ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ 0.005 ቮልት እንኳን አይሞላም። ሌላው ሁሉ ሎሚው ውስጥ ቀርቷል። ከረንቱም ወደ 0.56 ሚሊአምፒር ብቻ ነው፤ አምፖሉ የሚፈልገው ግን 300 ነው።

"ብዙ ሎሚ እንቀጥል" የሚል ልጅ አይጠፋም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መቶ ሎሚ በተርታ ብትቀጥሉ ቮልቴጁ 95 ይሆናል፣ የውስጥ ረዚስታንሱም አብሮ 170 ሺህ ኦም ይሆናል። 95ን ለ170 ሺህ ስናካፍል ተመልሶ ያው 0.56 ሚሊአምፒር። ሰሌዳ ላይ ስትሠሩት ልጆቹ ይገረማሉ።

ከዚያ ረዚስታንሱ ከየት እንደመጣ አሳዩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዚንኩ እየሟሟ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ኤሌክትሮኑ በገመዱ ዞሮ መዳቡ ጋ ሲደርስ በጭማቂው ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን ይቀበለውና ጋዝ ይሆናል። ይህ እንዲቀጥል አዮኖች በሎሚው ውስጥ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሲትሪክ አሲድ ግን ደካማ አሲድ ነው፣ ወደ አዮን የሚለየው ጥቂቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጭማቂው በትንንሽ ከረጢቶች ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ ሽፋኖቹ መንገድ ይዘጋሉ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌላ ሎሚ ጠረጴዛ ላይ እስኪለሰልስ ድረስ እየተጫናችሁ አንከባሉትና ያንኑ ልኬት ድገሙ። ከረጢቶቹ ስለፈነዱ ረዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ይላል። በድንችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን፣ ድንችን መቀቀል የውስጥ ረዚስታንሱን ቀንሶ ኃይሉን እስከ አሥር እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳትሟል።

ሁለተኛው ምክንያት ስፋት ነው። ሚስማር ቀጭን ስለሆነ ጭማቂውን የሚነካው ትንሽ ቦታ ነው። አራት ሎሚ ለመጨረሻው ሙከራ አስቀርታችሁ ሌላውን ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁና ሰፊ የቆርቆሮ ቁራጭና ጠቅለል ያለ ብዙ መዳብ ሳይነካኩ አስገቡበት (የቆርቆሮው ጠርዝ ስለሚቆርጥ እናንተ ያዙት)። መነሻ ቮልቴጁ ብዙም አይለወጥም፣ ከረንቱ ግን በግልጽ ይጨምራል። ይህ ሙከራ ሳይታይ ገለጻው ባይዘጋ እመርጣለሁ፤ ቮልቴጅ የሚመጣው ከዕቃዎቹ ዓይነት፣ ከረንት ግን ከስፋቱና ከመንገዱ እንደሆነ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው።

ሦስተኛው መዳቡ ላይ የሚሰበሰበው የሃይድሮጅን አረፋ ነው። ረዚስተሩን ለጥቂት ደቂቃ እንደተገናኘ ተዉት፣ ንባቡ ቀስ እያለ ይወርዳል። መዳቡን አውጥታችሁ ጠርጋችሁ መልሱት፤ በከፊል ያገግማል።

ከረንቱን በቀጥታ መለካት ከፈለጋችሁ የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፒር በሚለው ቀዳዳ አትሰኩ። በዚያ መለኪያ 0.00 ብቻ ነው የምታዩት፣ ልጆቹም ምንም አይፈስም ብለው ይሄዳሉ። የሚሊአምፒሩን መለኪያ ተጠቀሙ።

መጨረሻ ላይ ኤልኢዲውን አብሩ። አራት ሎሚ በተርታ፣ የአንዱ መዳብ ከሚቀጥለው ሚስማር ጋር። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ መጨረሻው መዳብ፣ አጭሩ ወደ መጀመሪያው ሚስማር። ከተገለበጠ አይበራም። 3.8 ቮልት አለ፣ ኤልኢዲው 1.7 ገደማ ይወስዳል፣ የቀረውን ለ6800 ኦም ስታካፍሉ 0.3 ሚሊአምፒር ነው። መስኮቱን ጋርዱ እንጂ ይታያል። ኤልኢዲ በዚህች ታህል ከረንት ብርሃን ይሰጣል፣ የአምፖል ሽቦ ግን ካልጋለ አይበራም።

ስትጨርሱ ሎሚዎቹን ሰብስባችሁ ጣሉ። ኃይሉን የሰጠው የሟሟው ዚንክ ነው፤ ዚንኩም ጭማቂው ውስጥ ስለገባ ሎሚው ለሻይም ለሰላጣም አይሆንም።